ደብዳቤውን ማን ይፈርማል?

«የውስጥ ኦዲተር አለን። የውጭ ኦዲተር ሲመጣ ድግግሞሽ ነው። ካልቀረም ሪፖርቱ መጀመሪያ ለእኛ ይሰጠንና እናርመው፣ ከዚያ ምክር ቤት ይሂድ።»

ይህን ያሉት አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሰሞኑን በነበረ ስብሰባ ላይ። አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨበም ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። እዚችው ከተማ ውስጥ ለዓመታት የውስጥ ኦዲተር ሆኜ ሠርቻለሁ፤ የውስጥ ኦዲተር እጁ የት ድረስ እንደሚደርስ በራሴ አይቼዋለሁ።

የጎማውን ነገር ላውራችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም።

ለተሽከርካሪዎች 40 ጎማ ተገዛ። የአንዱ ዋጋ 18,000 ብር ነበር፤ በጠቅላላው 720,000 ብር ተከፈለ። ሰነዱ ምንም አይወጣለትም። ፕሮፎርማው አለ፣ የግዥ ትዕዛዙ አለ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ 40 ጎማ ተረክቤያለሁ ብሎ ሞዴል 19 ቆርጧል። ወጪ የሆነው በሞዴል 22 ሲደመር 24 ነው። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ 16 መገኘት አለበት። ገብቼ ቆጠርኩ። 4 አገኘሁ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው 4።

የ12 ጎማ ጉድለት፣ 216,000 ብር ማለት ነው። ይህን ጉድለት ያገኘው የውስጥ ኦዲት ነው፣ አልክድም። ቆጠራው በዓመቱ መካከል በሆነ ጊዜ ማስታወሻውን ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ቁም ነገሩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጎማው የት ገባ የሚለው ነው። ሁለት መንገድ አለ። ወይ ከግምጃ ቤት ወጥቷል፣ ወይ መጀመሪያውኑ አልገባም። ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ከሆነ ተጠያቂው የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ክፍያውን ያዘዘው ጭምር ይጠየቃል። ይህን የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሻጩ ስንት ጎማ እንዳስረከበ በጽሑፍ መጠየቅ።

የሻጩ ሱቅ ከዚራ ነው። ከቢሮዬ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሄጄ በአፍ ብጠይቀው ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሄዶ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት መልስ ሲመጣ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ውጭ የሚወጣ ደብዳቤ ደግሞ የሚፈረመው በኃላፊው ነው። ክፍያውን ያጸደቁትም እሳቸው ናቸው። ረቂቁን አዘጋጅቼ አስገባሁ። አልተፈረመም። በሁለተኛው ወር እንደገና አስገባሁ። አልተፈረመም። ማስታወሻዬ ራሱ ላይ «ታይቷል» ተብሎ ተጽፎበት ተመለሰ። በሦስተኛው ወር እኔ ወደ ንብረት ምዝገባ ተዛወርኩ።

በደንብ አስቡት። ቆጠራው ትክክል ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው። ኦዲተሩም ሠርቷል። ምርመራው የቆመው አንድ ፊርማ ጋ ነው፤ ፊርማውን የያዘው ደግሞ የሚመረመረው ሰው ነው። ዕድገቴ፣ የሥራ ምዘናዬ፣ የመስክ አበሌ፣ የዓመት ፈቃዴ ሁሉ እዚያው እጅ ላይ ነበሩ። የሩብ ዓመት ሪፖርት ለፋይናንስ ይሄዳል የሚሉኝ አሉ። ይሄዳል። ፋይናንስም ግን ያው የአስፈጻሚው አካል ነው። በጀት ከሚመድበው፣ ገንዘብ ከሚለቀው ጎን የተቀመጠ ነው።

ይህ የእኔ ብሶት ብቻ አይደለም። የዓለም ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤቶች ማኅበር፣ ኢንቶሳይ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሊማ መግለጫ ሦስተኛው ክፍል ላይ ተቀምጧል። የውስጥ ኦዲት በግድ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የበታች ነው ይላል። በተቻለ መጠን ነፃነት ይሰጠው ይላል፤ የበታችነቱን ግን አይሸሽግም። ያው መግለጫ የውስጥ ኦዲቱ በቂ ሆኖ ከተገኘ፣ የውጭ ኦዲተሩ ሥራውን ከእሱ ጋር መከፋፈል እንደሚችልም ይናገራል። ታዲያ ድግግሞሹ የት አለ? የውስጥ ኦዲተሩ በርትቶ ሲሠራ የውጭ ኦዲተሩ ሥራ ያጥራል። ኃላፊው ድግግሞሽ ያሉትን ነገር በራሳቸው ቢሮ ማሳጠር ይችሉ ነበር።

አሁን «ሪፖርቱ ለእኛ ይሰጠንና እናርመው» ወደሚለው ልምጣ። ከሁሉ የባሰው ይሄ ነው። የውጭ ኦዲተር ሥራውን ሲጨርስ የመውጫ ስብሰባ ያደርጋል። ረቂቁን ይሰጣል፣ የጽሑፍ መልስ ይቀበላል፣ ማስረጃ ከቀረበለት ግኝቱን ያነሳል። ይህን መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ስህተት የማረም ዕድል አልተነፈጉም። የጎደላቸው ያልተሳሳተውን የመሰረዝ ዕድል ነው። ይኸው ኢንቶሳይ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሜክሲኮ መግለጫ ስምንት የነፃነት መርሆች አሉት። ስድስተኛው ዋና ኦዲተሩ በሪፖርቱ ውስጥ ምን እንደሚጽፍና መቼ እንደሚያወጣው ራሱ ይወስናል የሚል ነው። ሪፖርቱን ተመርማሪው ካረመው ያ ሪፖርት የተመርማሪው ነው።

የእኛ ሕገ መንግሥትም ይህን ያውቃል። አንቀጽ 101ን አንብቡት። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የሚሾመው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚያው ምክር ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ በጀትም በቀጥታ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያስጸድቃል። የበጀቱ ነገር ዝም ብሎ የገባ አይደለም። ነዳጅና አበሉን ከሚመረምረው ቢሮ የሚለምን ኦዲተር የእኔን ረቂቅ ደብዳቤ ዕጣ ያገኛል። አቅራቢው አስፈጻሚው መሆኑን አልወደውም፤ ያም ሆኖ ከኃላፊው ፊርማ ሥር ከመሆን በስንት ጣዕሙ።

የውጭ ኦዲተር ይዘገያል ከተባለ እቀበላለሁ። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ሁሉንም ሳይሆን ናሙና ነው የሚያየው። እኛም ዘንድ የመጡት በተከታዩ ዓመት ነበር። ጎማውን በናሙናቸው ውስጥ አገኙት። የእኔን ማስታወሻም ከፋይሉ አወጡት። ከዚያ እኔ ያልቻልኩትን አደረጉ። በራሳቸው ማኅተም፣ በራሳቸው ፊርማ ለሻጩ ጻፉ። የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ሻጩ ያስረከበው 28 ጎማ ነበር። ከማስረከቢያ ጥራዙ ካርቦን ኮፒ ጋር አያይዞ ላከው። 28 ገብቶ 24 ሲወጣ 4 ይቀራል። ቆጠራዬ ልክ ነበር፤ ጥርጣሬዬ ግን ስቶ ነበር። እኔ ውስጥ ውስጡን የጠረጠርኩት የግምጃ ቤቱን ሠራተኛ ነበር። ሰውየው አልሰረቀም። ሰኔ 30 ደርሶ በጀቱ ተመላሽ ሊሆን ሲል፣ «ቀሪው ነገ ይገባል፣ ቁረጥ» ተብሎ የ40 ሞዴል 19 ቆርጧል። ጥፋት ነው፣ ጥፋቱ ግን ሌላ ነው። ያ ደብዳቤ ባይጻፍ 216,000 ብር ከዚያ ሰው ደመወዝ ሊቆረጥ ነበር።

የሻጩ መልስ በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት አሥራ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ አይሱዙ ተጭነው መጡ። ሞዴል 19 አልተቆረጠላቸውም። ካቻምና ሰኔ ተቆርጦላቸው ነበር።