ማስተካከያ፦ 2 በመቶው ትራኪንግ ኤረር አይደለም

«ፈንዱ በዓመቱ 11 በመቶ፣ መለኪያው ኢንዴክስ 9 በመቶ ስላተረፉ ትራኪንግ ኤረሩ 2 በመቶ ነው» በሚል የቀረበው መረጃ በሚከተለው ይታረም።

2 በመቶው ፈንዱ ከመለኪያው በላይ ያስገኘው ትርፍ ብቻ ነው። ትራኪንግ ኤረር የሚለካው ይህ ልዩነት ከወር ወር ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ነው፤ በስሌት ቋንቋ የወርኃዊ ልዩነቶቹ መደበኛ ልይይት ማለት ነው። በየወሩ ሳያዛንፍ በ0.1 በመቶ ከመለኪያው የሚያንስ ፈንድ ባለቤቱን እያከሰረም ቢሆን ትራኪንግ ኤረሩ ዜሮ ይሆናል።

የተጠቀሰው ፈንድ ወርኃዊ ልዩነቶች መደበኛ ልይይት 1.2 በመቶ ነው እንበል። ወደ ዓመት ለመለወጥ በ12 ሳይሆን በ12 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ3.46 ገደማ ይባዛል፤ ውጤቱ 4.16 በመቶ ነው። ከመለኪያው በላይ የተገኘው ትርፍ ለትራኪንግ ኤረሩ ሲካፈል የሚገኘው ኢንፎርሜሽን ሬሾ እንግዲህ 2 ሲካፈል ለ4.16፣ ወደ 0.48 ይጠጋል። ዓመታዊውን 2 በመቶ ለወርኃዊው 1.2 ያካፈለ ሰው 1.67 ያገኛል። እንዲህ ያለ ቁጥር ለዓመታት ጸንቶ ከታየ፣ ከሥራ አስኪያጁ ብቃት በፊት ስሌቱን መጠርጠር ይሻላል።

በስኩዌር ሩት ማባዛቱ የሚያስኬደው የአንዱ ወር ልዩነት የሚቀጥለውን የማይጎትት ከሆነ ነው። ደግሞም 0.48 የአንድ ዓመት ውጤት ነው፤ ዕድል ያመጣው አለመሆኑን በተለመደው የስታቲስቲክስ መስፈርት ለመናገር፣ ሬሾው ሳይለወጥ 17 ዓመት ያህል መቆየት ይኖርበታል።