የምሳ ሰዓቴን ወደ ዘጠኝ

«እኔም እኮ እጾማለሁ!»

ትናንት ያቃጠለችኝ ይህቺ ናት። ማመልከቻዬን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። አንብበው ሳይጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉኝ። ትርጉሙ «በሩን ዝጋልኝ» ነው፤ ከውጭ በኩል።

የጠየቅኩት ተራ ነገር ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። የመሥሪያ ቤታችን የምሳ ሰዓት ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው። በዚያች ሰዓት ባልደረቦቼ ምሳ ዕቃ ሲከፍቱ እኔ ሽታ እቀበላለሁ። ዘጠኝ ሲሞላ ደግሞ ስብሰባ ይጠራል። እና ያቺን አንድ ሰዓት ወደ ዘጠኝ አዙሩልኝ አልኩ። በቃ።

እርግጥ የመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ አጥፍቻለሁ። «በጾሙ ምክንያት የሥራ ሰዓቴ እንዲስተካከልልኝ» ብዬ ጻፍኩ። «እንዲስተካከልልኝ» የምትለዋን አለቃ ሲያነባት «እንዲቀነስልኝ» ትሆናለች። ስለዚህ ሁለተኛው ላይ ሂሳቡን ቁጭ አደረግኩት። ከ2፡30 እስከ 9፡00 ያለ ምሳ እሠራለሁ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል። ከ9፡00 እስከ 10፡00 እረፍት። ከ10፡00 እስከ 11፡30 አንድ ሰዓት ተኩል። ድምር ስምንት። ኩባንያው አንዲት ደቂቃ አይጎድልበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም (1156/2011) የሚለው በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከአርባ ስምንት ሰዓት አይብለጥ ነው። ስለ ጾም ግን አንድም ቃል የለውም። ጉዳዩ አለቃዬ እጅ ላይ የወደቀውም ለዚሁ ነው።

የምሳ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ የ2012ቱን ሁዳዴ አልረሳውም። ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ሱፍ ፍትፍቴን የቢሮው ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። ዘጠኝ ላይ ስከፍት ምሳ ዕቃው ታጥቧል። ታጥቦ! በላተኛው ትሑት ሰው ነው ማለት ነው። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እሱም እንደማውቅ ያውቃል። እስከ ዛሬ ሰላምታ ሲሰጠኝ ጥርሱን እያየሁ ነው የምመልሰው።

አያቴ በዚህ ጊዜ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ትል ነበር። ይህን ተረት እወደዋለሁ። ዶሮዋ ለምን ማታ እንደሆነ በልጅነቴ ስጠይቃት «ቀን ከታረደች ጎረቤት ያያላ» አለችኝ። ሊቃውንቱ ምን እንደሚሉ እንጃ፣ ለኔ የአያቴ ትርጓሜ ይበቃኛል።

ወደ አለቃዬ ልመለስ። ቢሮ ውስጥ በዚህ ጉዳይ የተጎዳሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2017 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ሙስሊሙ ባልደረባዬ አመለከተ። «ምሳ አልበላም፤ ከ2፡30 እስከ 10፡30 በአንድ ፊት ልሥራና ልውጣ» አለ። ያው ስምንት ሰዓት ነው። በመጋቢት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ ሁለት ተኩል አለፍ ሲል ነው። 11፡30 የወጣ ሰው ቤቱ ሩቅ ከሆነ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የሚያፈጥረው። እሱም ቴምሩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር የሚሰለፈው።

አለቃችን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የምሳ ሰዓት የሠራተኛ መብት ነው። መብትህን አላስነጥቅህም!»

ሰውዬው ይጾማል፤ መብቱ ምሳ ይበላል።

ደግሞ ሰዓት አይነካም እንዳይሉኝ! የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አርብ አርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሚዘጉት ለጁምዓ ነው። አገሩ አልፈረሰም። አዋጁ ራሱ ሥራው ከጠየቀ የአንዱን ቀን ሰዓት ቀንሶ በሌሎቹ ቀናት ላይ ማከፋፈል ይፈቅዳል፤ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አይጨመር ነው የሚለው። እኛ የጠየቅነው ይህን ያህል እንኳ አይደለም። የዚያኑ ቀን ሰዓት በዚያው ቀን ነው ያዞርነው። «ለአንተ ከፈቀድኩ ነገ ሁሉም ይጾማል» ይሉኛል። ይጹማ! ጾም እንደ አበል በሐሰተኛ ደረሰኝ የሚወሰድ ነገር ነው እንዴ?

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። የዘጠኝ ሰዓቱን ስብሰባ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ግን በሁዳዴ አንድም ቀን ስብሰባው ላይ አይተናቸው አናውቅም። ሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ ሲሆን መኪናቸው ከግቢ ትወጣለች። ጥበቃው መዝገብ ላይ «የመስክ ሥራ» ብሎ ይጽፋል። መስኩ ቤታቸው ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሲመለሱ ጢማቸው ላይ የሽሮ ዘይት ያበራል። «እኔም እኮ እጾማለሁ» ያሉት እውነታቸውን ነው፤ የሚገድፉት ግን በሰዓቱ ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሁለተኛው ማመልከቻዬ «ለኤች አር ይመራ» ተብሎበታል። ኤች አር ጠየቅኳቸው፤ ጥናት ላይ ነው አሉኝ። ጾሙ ኒቆዲሞስ ላይ ደርሷል። ምናልባት ለፍልሰታ ይደርስ ይሆናል። በሉ፣ ስምንት ከሃምሳ ሆኗል፣ መኪናዋም ወጥታለች። ስብሰባ ልግባ።