የቀኑ ዓምድ ጣጣ

ገላን ከሚገኝ አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ የተላከልኝ የትእዛዝ ፋይል ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ትንተናውን ግን ገና አልጀመርኩም። ከሁሉ ያንገበገበኝ የቀኑ ዓምድ ነው። የሽያጭ ሲስተሙ ቀኑን አስቀድሞ ወሩን አስከትሎ ይጽፋል፤ ፋይሉን ከፍቶ ያስቀመጠው ሠራተኛ ኤክሴል ደግሞ ወሩን አስቀድሞ ያነባል። በዚህም ምክንያት 05/03/2024 ተብሎ የተመዘገበው የማርች 5 ትእዛዝ ሜይ 3 ሆኖ ሲቀየር፣ 13/03/2024 ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። ኤክሴል ጽሑፍን ወደ ግራ፣ ቀንን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፤ ስለዚህ ወደ ግራ ተጠግተው የተበላሹ የሚመስሉት ትክክለኛ ናቸው፤ ወደ ቀኝ ተጠግተው ደህና የሚመስሉት ናቸው ቀንና ወራቸው የተገለበጠው። በዚህ ላይ መጋዘን ውስጥ በእጅ የገቡት በእኛ አቆጣጠር ስለሆኑ፣ 05/03/2016 ኅዳር 5፣ ማለትም ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ነው።

ቀኑ ሳይስተካከል የተደጋገሙ ረድፎችን ማጥፋት አይቻልም፤ አንዱ ትእዛዝ በሁለት አቆጣጠር ሲጻፍ ሁለት ይመስላልና። በትእዛዝ ቁጥር ብቻ ላጥፋ ቢሉም፣ ሲሚንቶና ፌሮ በአንድ ትእዛዝ የገዛ ሰው ሁለት ረድፍ ስላለው አንዱ ዕቃ ይጠፋል። የደንበኛ መለያ የሌላቸውን ደግሞ አንድ ሰው ሁሉንም በ0 ሞልቷቸው፣ በመላው ፋይል ትልቁ ደንበኛ «0» ሆኗል!

በኤክሴል ያልተከፈተውን ዋናውን ፋይል እንዲልኩልኝ ለመንኩ፤ ያንኑ ከፍተው፣ እንደገና አስቀምጠው ላኩልኝ።