ለዘጠኝ የሚካፈለው ልዩነት

ባለፈው እሑድ በአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ የወዳጄ የእህት ልጅ ሲቪዋን ይዛ መጣች። በአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት መጋዘን ውስጥ አራት ዓመት የሠራች ናት፤ የምታመለክተው ደግሞ በሌላ ድርጅት ለወጣ የንብረት ቁጥጥር ሠራተኛ ክፍት ቦታ ነው። በቤቱ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ዕድሜያቸውን የፈጁና አሁን ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ጎረቤት፣ እንዲሁም በግል ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴት ነበሩ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ክርክሩ ተነሣ፤ እኔ በአብዛኛው አዳማጭ ነበርሁ።

ሲቪው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም ይዘቱን በአማርኛ ለመናገር አያዳግትም። በሥራ ልምድ ሥር ስምንት መስመሮች ተደርድረዋል፦ ዕቃ መረከብ፣ ዕቃ ወጪ ማድረግ፣ የየዕቃውን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚያሳየውን ቢን ካርድ መመዝገብ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜን መከታተል፣ ተመላሽ ዕቃ መቀበል፣ በቆጠራ መሳተፍ፣ ወርኃዊ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ እና «በኃላፊው የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን»። የሰው ሀብቷ ሴት አንብባ ስትጨርስ፣ «ይህ የሥራ መደቡ ታሪክ ነው እንጂ የአንቺ ታሪክ አይደለም። ባልደረባሽ ቢያመለክት ይህንኑ ቃል በቃል ይጽፋል፤ ሥራውን አበላሽቶ የተባረረ ሰው እንኳ ይህንኑ ይጽፋል» አለቻት።

አዛውንቱ አልተቀበሉትም። በቅጥር ኮሚቴ ለዓመታት ተቀምጠዋልና ልምዳቸውን ጠቅሰው፣ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚያየው ማስታወቂያው የጠየቀውና አመልካቹ የሠራው መግጠሙን እንደሆነ፣ ተግባሩ ካልተዘረዘረ የሚወዳደርበት ነጥብ እንደማይኖር አስረዱ። ከዚያም፣ «ደግሞስ ልጄ፣ እኔ ይህን አደረግሁ፣ እኔ ያንን አሻሻልሁ ማለት ጉራ ይመስላል። ማን ያረጋግጠዋል?» ሲሉ ጨመሩ። ሴቲቱም፣ የሥራ ዓይነትን የሚመሰክር ሌላ ወረቀት እንዳለ አስታወሰቻቸው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ያ ማስረጃ ከሲቪው ጋር ተያይዞ ይቀርባል፤ ሲቪው ማስረጃው ሊናገር የማይችለውን ካልተናገረ ለምን ይጻፋል?» አለች። አዛውንቱ ነገሩ ለግል ድርጅት ሊሠራ እንደሚችል ብቻ አምነው፣ በሰነድ ነጥብ በሚሰጥበት ቦታ ግን ዝርዝሩ እንዳይነካ አጥብቀው አሳሰቡ።

እዚህ ላይ ሴቲቱ ወደ ልጅቷ ዞራ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ የመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው ብል አላጋነንሁም። «ትልቁ ስኬትሽ ምንድን ነው?» ብትላት ልጅቷ እንደምትሽኮረመም ያወቀች ይመስላል፤ ስለዚህ፣ «አንቺ ስትገቢ ያልነበረ፣ ስትወጪ ግን እዚያው የሚቀር ነገር ምን አለ?» አለቻት። ልጅቷ ጥቂት አስባ፣ «በቢን ካርዱ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሚጻፈው የመስጫ መለኪያ የእኔ ነው» አለች። አዛውንቱ ሳቁ። አንድ ቀይ ጽሑፍ ምን ስኬት ይባላል ብለው ነበር።

ልጅቷ ግን ነገሩን ከሥሩ ጀምራ አስረዳች። መጋዘኑ በሰኔ የሒሳብ ዓመት መዝጊያ ላይ ሲቆጠር ከ240 የመድኃኒት ዓይነቶች በ38ቱ ላይ የካርዱ ከወጪ ቀሪና በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አልተስማሙም። ጉድለት ብቻ ቢሆን ስርቆት ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ነገር ግን ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የተገኘው ትርፍ ነው፤ ዕቃ ደግሞ ተሰርቆ አይበዛም። እርሷ የልዩነቶቹን ዝርዝር ወስዳ በፓኬት የተጻፈውን ሁሉ ወደ ስትሪፕ ስትመልሰው አንድ ነገር ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከ38ቱ ውስጥ 31ዱ ዓይነቶች አንዱ ፓኬት አሥር ስትሪፕ የሚይዝ ነበሩ፤ ከእነዚህም በ22ቱ ላይ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፦ 27፣ 45፣ 18፣ 63።

አዛውንቱ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ለዘጠኝ?» አሉ። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ በመዝገብ ላይ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ወይም ዜሮ ሲጨመር የሚመጣው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 እንደሚካፈል በወጣትነታቸው ከአለቃቸው የተማሩት ነው። በመጋዘኑም የሆነው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ደንበኛ 3 ስትሪፕ ሲመልስ መዝጋቢው «3» ብሎ በፓኬት ዓምድ ከጻፈው ካርዱ በ30 ስትሪፕ ያድጋል፤ መደርደሪያው ግን ያገኘው 3 ብቻ ነውና 27 ስትሪፕ ጎደለ ይባላል። 3 ስትሪፕ ወጥቶ 3 ፓኬት ወጣ ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ 27 ትርፍ ይታያል። አዛውንቱ ወዲያው፣ «በአጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ከዘጠኝ አንዱ ይካፈላል፤ ከ31 ሦስት ወይም አራት ማለት ነው። 22 ግን አጋጣሚ አይደለም» አሉና ሲቪውን ራሳቸው አንሥተው እንደገና አዩት። «ይህ የትኛው መስመር ላይ ነው የተጻፈው?» ሲሉ ጠየቁ። «በቆጠራ መሳተፍ» የሚለው ላይ ነበር።

ሌላውን ልጅቷ በአጭሩ ጨረሰችው። በየካርዱ አናት ላይ ዕቃው የሚሰጥበት መለኪያ፣ ስትሪፕ ወይም ፓኬት ተብሎ፣ በቀይ እንዲጻፍ ለኃላፊዋ ሐሳብ አቀረበች፤ እርሱም ፈቀደ። የዓመቱን ቆጠራ ከመጠበቅ ይልቅ በየዓርቡ 10 ዓይነቶች ከባልደረባዋ ጋር መቁጠር ጀመሩ፤ በ24 ሳምንት ሁሉም አንድ ጊዜ ይዳረሳሉ። በጥር በተደረገው ቆጠራ ልዩነት የታየው በ11 ዓይነቶች ላይ ብቻ ነበር።

የሰው ሀብቷ ሴት ወዲያው ብዕር አነሣችና፣ «የቆጠራ ልዩነትን በ71 በመቶ ቀነስሁ ብለሽ ጻፊ» አለቻት። ክርክሩ እንደገና የጋለው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህኛው ዙር ግን አዛውንቱ የያዙት ጥያቄ ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር። «በጥር የቆጠራችሁትም 240 ዓይነት ነው?» አሉ። አልነበረም፤ ድርጅቱ በመካከሉ 28 ዓይነቶችን መያዝ ስላቆመ የተቆጠረው 212 ነው። እንግዲያው ከ240ው 38 ማለት ከመቶ 16 ገደማ፣ ከ212ቱ 11 ማለት ከመቶ 5 ገደማ ነው፤ ይህ በትክክል ሲሰላ ቅነሳው ወደ 67 በመቶ ይወርዳል። «ጠያቂው ሒሳብ የሚያውቅ ከሆነ 71 ያልሽው ላይ ይይዝሻል፤ ከዚያ በኋላ እውነት የሆነውንም አያምንሽም» አሏት። ሴቲቱ ልዩነቱ ጥቂት መሆኑን፣ ሲቪ የሚያነብ ሰውም በመቶኛ የተጻፈውን ቶሎ እንደሚያይ ተናገረች። አዛውንቱም መልሰው፣ ቆጠራው ያለፈው በሁለት ሰዎች እጅ ሆኖ ሳለ «ቀነስሁ» የሚለው ቃል የባልደረባዋን ድርሻ እንደሚውጥ አነሡ። ልጅቷ በዚህ ጊዜ ፊቷ ቀላ፤ ሲቪዋ ላይ ይህን ነገር ሳትጽፍ የቀረችበትም አንዱ ምክንያት ይኸው መሆኑን አመነች።

ከቡናው በኋላ እኔም አስተያየት ተጠይቄ ስለነበር እዚህ ላይ ልጽፈው። በመጀመሪያው ክርክር የሰው ሀብቷ ሴት ትክክል ናት። ስምንቱ መስመሮች ወደ አንድ መስመር ሊታጠፉ ይገባል፤ በዚያም መስመር ማስታወቂያው የተጠቀመባቸው ቃላት፣ ማለትም ርክክብ፣ ወጪ፣ ቢን ካርድና ቆጠራ፣ ይግቡ። የመጨረሻው «ሌሎች ተግባራት» የሚለው ግን ምንም ስለማይናገር ይውጣ። በሰነድ ነጥብ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ዝርዝሩን አልነካውም ነበር፤ አዛውንቱ ይህን ማሳሰባቸው ተገቢ ነው። በሁለተኛው ክርክር ደግሞ ያለጥርጥር ከአዛውንቱ ጋር ነኝ። መቶኛ መነሻውን ይደብቃል፤ 38 ከ240 እና 11 ከ212 የሚሉት ቁጥሮች ግን አንባቢው ራሱ እንዲያሰላ ያስችሉታል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ እንዲህ እንዲጻፍ ተስማማን፦

«በሰኔ ቆጠራ ከ240 የመድኃኒት ዓይነቶች በ38ቱ ላይ ልዩነት ታይቶ ነበር። አብዛኛው ስትሪፕና ፓኬት ተደባልቀው በመመዝገባቸው የመጣ መሆኑን ከቆጠራው ዝርዝር ለየሁ። የመስጫ መለኪያ በካርዱ አናት እንዲጻፍና በየዓርቡ 10 ዓይነቶች እንዲቆጠሩ ሐሳብ አቅርቤ፣ ሲፈቀድ ከባልደረባዬ ጋር ተግባራዊ አደረግን። በጥር ቆጠራ ልዩነቱ ከ212 ዓይነቶች በ11ዱ ብቻ ታይቷል።»

«ለየሁ» እና «ሐሳብ አቅርቤ» በነጠላ፣ «አደረግን» በብዙ የተጻፉት ሆን ተብሎ ነው፤ የልጅቷን እፍረት ያነሣላትም ይህ ይመስለኛል። የዘጠኙ ነገር ግን ሲቪው ላይ እንዳይገባ ተከራክሬያለሁ። በወረቀት ላይ ለማስረዳት ሦስት መስመር ይፈጃል፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ግን «እንዴት አወቅሽ?» ለሚላት ሰው 3ቱን ስትሪፕና 27ቱን ጉድለት በግማሽ ደቂቃ ትነግረዋለች፤ ያልሠራው ሰው ያንን ከየትም አያመጣውም። የመድኃኒቶቹን የንግድ ስም፣ የደንበኞቹን ማንነትና የዕቃውን ዋጋ ግን የቀድሞ አሠሪዋ ምስጢር ስለሆኑ እንዳታነሣ ነግረናታል።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ እርሱንም ያነሡት አዛውንቱ ናቸው። «የቀሩት 11ዱስ?» አሉ። ሰባቱ ፓኬታቸው አሥር ስትሪፕ የማይዝ፣ ቀይ ጽሑፉም ሳይደርሳቸው የቆዩ ዓይነቶች ነበሩ። የአራቱን ምክንያት ልጅቷ እስከ ዛሬ አላወቀችውም። የሰው ሀብቷ ሴት ይህን ባታነሣው ይሻላል አለች፤ እኔ ግን ከተጠየቀች እንደዚያው፣ አራቱን አላገኘኋቸውም ብላ ትመልስ ብያለሁ።