ማስተካከያ፦ ለሻይ ከመነሳታችሁ በፊት

«ለሻይ ስትነሱ በደንበኛ አገልግሎት ሲስተሙ ላይ ‹እረፍት ላይ› የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ ውጡ ብለሽ ነበር። አደረግኩት፤ ግን የያዝኳቸው ሦስት የደንበኛ ጥያቄዎች በስሜ ተቆልፈው ጠበቁኝ።» አንዲት የሐዋሳ አንባቢ

ይቅርታ፣ ግማሹን ብቻ ነበር የጻፍኩት። ምልክቱ የሚያግደው አዲስ ሥራ ብቻ ነው። በብዙ ሲስተሞች ቀድመሽ የያዝሽው በስምሽ እንደተያዘ ይቆያል።

ምልክቱን ግን አሁንም አስቀድሚ፤ ያለዚያ አንዱን ስትለቂ ሌላ ይመጣብሻል። ከዚያ ሦስቱን እያቸው። አንድ መልስ ብቻ የቀረውን ጨርሺው። ደንበኛው ሰነድ እስኪልክ የቆመውን «በመጠባበቅ ላይ» አድርጊው። ሦስተኛው ረጅም ከሆነ የደረስሽበትን በሁለት መስመር ጽፈሽ ሌላ ሠራተኛ እንዲያነሳው ወደ ወረፋው መልሺው። ማስታወሻው ከሌለ ተረካቢው ደንበኛውን ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቀዋል፤ ይሄ በጣም ያናድዳል።

ገጹን መዝጋት መልቀቅ አይደለም። ስምሽ ከሥራው ላይ መነሳቱን አይተሽ ውጪ።