የደንገሉ ፎቶና የ2 ነጥብ ለውጥ

«በፎቶ ላይ የተደረገ፣ ዓይን የማያየው ለውጥ ፎቶ የሚለይን ሞዴል እንዴት ያሳስተዋል? ተራ ብናኝ አይደል?»

አይ ወንድሜ፣ ተራ ብናኝ ቢሆንማ አያሳስተውም ነበር። ባሕር ዳር ሆኜ የጣና ዳር ፎቶዎችን እምቦጭና ደንገል ብሎ የሚለይ ትንሽ ሞዴል አሠልጥኛለሁ። ልክ የለየውን አንድ የደንገል ፎቶ ወሰድኩና ይህን አደረግኩበት፦

```
x_adv = x + eps * x.grad.sign()
```

በሥልጠና ጊዜ ስህተቱ እንዲቀንስ የሚቀየሩት የሞዴሉ ክብደቶች ናቸው። እዚህ ግን ክብደቶቹ አይነኩም፤ ፎቶው ራሱ ስህተቱ ወደሚጨምርበት ይገፋል። ግራዲየንቱ፣ ማለትም x.grad፣ እያንዳንዱ የፎቶው ቁጥር ሲቀየር ስህተቱ ወዴትና ምን ያህል እንደሚሄድ ይናገራል። ከእሱ የሚወሰደው የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ቁጥር በ eps መጠን እኩል ይነካል፤ ለምሳሌ ከ255 በ2።

ፎቶው 224 በ224 በ3 ቀለም ከሆነ 150,528 ቁጥሮች አሉት። በአንዱ ቁጥር ላይ የ1 ነጥብ ለውጥ ስህተቱን በ0.0001 ብቻ ይጨምራል እንበል። ሁሉም በ2 ነጥብ ስህተቱ ወደሚጨምርበት ሲገፉ ድምሩ 30 ገደማ ይደርሳል። በዘፈቀደ ብናኝ ግን ግማሹ ይጨምራል፣ ግማሹ ይቀንሳል፤ ተጣፍተው 0.08 አካባቢ ይቀራል። የእኔም ሞዴል ተራውን ብናኝ ዝም ብሎ አለፈው። በምልክቱ ሲገፋ ግን ደንገሉን እምቦጭ አለው።

መከላከያው? በየሥልጠናው ዙር እንዲህ የተገፉ ፎቶዎችን በወቅቱ ክብደት አዲስ እየሠራህ፣ ከትክክለኛ ስማቸው ጋር ለሞዴሉ መስጠት ነው። ይህ ሥልጠናውን ያዘገየዋል። ደግሞም ሞዴሉን እንደዚህ በአንድ እርምጃ ብቻ በሚገፋ ጥቃት ብቻ አትፈትነው። ያንን የተቋቋመ ሞዴል፣ በትንንሽ እርምጃ እየተደጋገመ ሲገፋ ሊወድቅ ይችላል። እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው።