አጎበር የበዛበት ሰፈር ወባው ለምን በዛ?

ሁለት ነገሮች አብረው ሲጨምሩ የሚያሳይ ግራፍ ዘርግቶ «አንዱ ሌላውን ያመጣል» የሚል ሰው እንዲህ ይጠይቃል፦ «ነጥቦቹ እንዲህ ተሰልፈው እያየህ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

ብዙ እፈልጋለሁ። ለምን ቢሉ፣ ሰሜን ሸዋን ይዘን እንየው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷን የማያውቅ የለም። ጣርማ በርን አልፈው፣ ደብረ ሲናን ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ጃኬት ይወልቃል።

አንድ ግራፍ እንሥራ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የእኔ ፈጠራ ነው። ከደጋውም ከቆላውም 20 ቀበሌ እንውሰድ። በአግድሙ መስመር ከመቶ ቤት ስንቱ አጎበር እንዳለው፣ በቁሙ ደግሞ ከሺህ ሰው በዓመት ስንቱ ወባ እንደያዘው እናስፍር። የደጋዎቹ ነጥቦች ታች ግራ ጥግ ላይ ይከማቻሉ፤ አጎበርም የለ፣ ወባም የለ። የቆላዎቹ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣሉ። ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚለካው ተዛምዶ፣ ከፍተኛው 1 የሆነው r፣ 0.9 ሆነ እንበል። በጣም ጠንካራ ነው። ታዲያ አጎበር ወባ ያመጣል?

እዚህ ላይ ሁላችንም እንስቃለን፤ መልሱን ስለምናውቅ ነው። ነገሩ የማዳበሪያ ወይም የማስጠኛ ትምህርት ቢሆን ኖሮ ግን ያንኑ ግራፍ ዓይናችንን ሳናሽ እንቀበለው ነበር።

r ራሱ አቅጣጫ አያውቅም። ሁለቱን መስመሮች ብናቀያይራቸው ያው 0.9 ነው። አጎበር የሚታደለው ወባ ባለበት ስለሆነ፣ ነገሩ ግራፉ ከሚመስለው በተቃራኒ ነው የሚሄደው። ከሁለቱም ጀርባ ደግሞ ከፍታው አለ። የወባ ተሐዋሲ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል። ገዳዩ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም፣ ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እድገቱ ይቆማል። የደብረ ብርሃንን ሰው የጠበቀው ብርዱ እንጂ አጎበር አለመኖሩ አይደለም።

ይህን እንዴት እንለየው? ደጋውን ትተን ተመሳሳይ ከፍታ ያላቸውን የቆላ ቀበሌዎች ብቻ እናወዳድር። ያ 0.9 ወደ ዜሮ ከወረደ ወይም ወደ ኔጌቲቭ ከዞረ፣ ነጥቦቹን ሲያሰልፍ የነበረው በአብዛኛው ከፍታው ነበር ማለት ነው። ይህም ቢሆን አይጨርሰውም። በቆላውም ውስጥ ወንዝና መስኖ ዳር ያለው ቀበሌ አጎበር ቀድሞ ያገኝ ይሆናል፤ ትንኝ የሚበዛውም እዚያው ነው።

ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ዕጣ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ጋና ፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር የሚያገኙት መንደሮች የተመረጡት በዕጣ ነበር። ዕጣ ቆላ ደጋ፣ ወንዝ ዳር አይልም፤ ሌላውን ልዩነት ሁሉ በሁለቱም ወገን ይበትነዋል። አጎበር ባገኙት መንደሮች የትንንሽ ልጆች ሞት በ17 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

እኛ ዘንድ ሁሉን ነገር በዕጣ ማደል አይቻልም፤ ይገባኛል። ግን ግራፍ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ቢያንስ ነጥቦቹን በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ ከፋፍሎ፣ በተለያየ ቀለም ቀብቶ ያምጣልን። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።